ለሞተ የቤት እንስሳ ከፎቶ ሥር የሚጻፍ አጭር ጽሑፍ፦ ሐዘኑን ሳያጋንኑ እንዴት ይጻፋል?

ሐዋሳ ውስጥ በምሠራበት ፎቶ ቤት አልፎ አልፎ የሞተ ውሻቸውን ወይም ድመታቸውን ፎቶ በስልካቸው ይዘው የሚመጡ ደንበኞች አሉ። አንዳንዶቹ አሳጥበው ሳሎን ሊሰቅሉት ይፈልጋሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ፎቶውን ብርሃን አስተካክለንላቸው በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ይለጥፉታል። ሁሉም ግን መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ «ከሥሩ ምን ብዬ ልጻፍ?» ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ነው። በአንድ እውነተኛ ምሳሌ ላይ ስለሚመሠረት ምሳሌውን አስቀድሜ አቀርባለሁ።

በታቦር ተራራ ግርጌ የምትኖር አንዲት መምህርት ቡቺ የሚባል ውሻዋ በሞተ በማግሥቱ የሚከተለውን ጽፋ አመጣችልኝ።

«በከባድ ሐዘንና በተሰበረ ልብ የምነግራችሁ፣ የሕይወቴ ብርሃን፣ ታማኙ ልጄና ጓደኛዬ ቡቺ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፏል። ቡቺዬ፣ ያለ አንተ ዓለም ጨለመብኝ፤ እንደ አንተ ያለ ፍጡር ዳግመኛ አይገኝም። ሁልጊዜ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ነፍስህን በገነት ያኑርልኝ፤ ለዘለዓለም በልቤ ትኖራለህ።»

ጽሑፉን ሰጥታኝ እንዳነበብኩት ራሷ «በዝቷል፣ አይደል?» አለችኝ። ችግሩ መርዘሙ ብቻ አልነበረም። ከመላው ጽሑፍ ውስጥ ስለ ቡቺ የሚናገረው «በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር» የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። የቀረው ስለ ጸሐፊዋ ስሜት ነው፤ ያውም ለማንኛውም ሟች ሊባል በሚችል ቃል።

መጀመሪያ፦ ከመጻፍዎ በፊት የቀረውን ልማድ ይፈልጉ

ብዕር ሲያነሡ ቶሎ የሚመጣው «ምን ተሰማኝ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ ለጊዜው ይተዉትና በምትኩ እንስሳው ከሞተ በኋላ እጅዎ፣ እግርዎ ወይም ጆሮዎ በልማድ የሚያደርገውን ነገር ያስቡ። ምግብ ሲተርፍ አሁንም ለብቻው ያስቀምጣሉ? በር ሲከፍቱ ወደ ታች ያያሉ? ወንበር ከመሳብዎ በፊት ከሥሩ የተኛ እንዳለ ይፈትሻሉ? እንዲህ ያሉትን አራት ወይም አምስት ነገሮች በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ማሳመር አያስፈልግም።

መምህርቷን ይህንኑ ጠየቅኳት። መጀመሪያ «ታማኝ ነበር፣ ይወደኝ ነበር» አለች። በር ላይ ሲጠብቃት ምን ያደርግ እንደነበር ስጠይቃት ግን ትንሽ አሰበችና የግቢያቸው የቆርቆሮ በር ከመሬት አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ የተሠራ መሆኑን፣ ቡቺም የእርምጃዋን ድምፅ ሲሰማ ተኝቶ አፍንጫውን በዚያ ክፍተት ያወጣ እንደነበር ነገረችኝ። ከማንኳኳቷ በፊት የምታየው ያቺን ጥቁር እርጥብ አፍንጫ ነበር። የምንፈልገው ይህ ነው።

የመረጡት ነገር ትክክለኛው መሆኑን የሚያውቁበት ቀላል ፈተና አለ። የእንስሳውን ስም በሌላ ስም ይተኩትና ዐረፍተ ነገሩ ለጎረቤት ውሻም ይስማማ እንደሆነ ይመልከቱ። «ታማኝ ነበር» ለሁሉም ውሻ ይስማማል። «አፍንጫውን በቆርቆሮው ሥር ያወጣ ነበር» ግን ቡቺንና ያንን በር ብቻ ይመለከታል። በዚሁ ምክንያት «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የመሰለ ምሳሌያዊ አነጋገር እዚህ ቦታ ላይ አይጠቅምም፤ ምሳሌያዊ አነጋገር ስለ ውሾች ሁሉ የሚናገር ስለሆነ የእርስዎን ውሻ መንጋ ውስጥ ይቀላቅለዋል።

ሁለተኛ፦ ለሞቱ የሚሆነውን ግስ ይምረጡ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምወስድበት ይህ ደረጃ ነው፤ ምክንያቱም የጽሑፉ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ የሚለው በአብዛኛው በዚህ አንድ ግስ ነው።

«ዐረፈ» የሚለው ቃል ለሽማግሌ፣ ለካህን፣ በጠቅላላው ለተከበረ ሰው የምንጠቀምበት ነው። «በሞት ተለየን» ከሬዲዮ የሐዘን መግለጫ የምናውቀው ነው። «ሕይወቱ አለፈ» የአደጋ ዜና ያስመስለዋል። ሦስቱም ትክክለኛ አማርኛ ናቸው፤ ነገር ግን ለውሻ ሲባሉ አንባቢው ሳያስበው ፈገግ ሊል ይችላል፤ ያ ፈገግታ ደግሞ እርስዎን ይጎዳል። «አጣነው» ለስላሳ ይመስላል፤ ሆኖም ሌላ ችግር አለው። የእንስሳው መጥፋት ከመሞቱ ጋር ይምታታና «የት አካባቢ ጠፋ? እንፈልግላችሁ» የሚሉ መልእክቶች ይመጡብዎታል። «ሄደ» እና «ጥሎን ሄደ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው።

የእኔ ምርጫ ተራው «ሞተ» ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ሳይሆን በመጨረሻው ላይ «ብኝ» ወይም «ብን» ተጨምሮበት። «ቡቺ ሞተ» ዜና ነው። «ቡቺ ሞተብን» ግን ዜናውንም፣ ጉዳቱ በማን ላይ እንደ ደረሰም ይናገራል። አማርኛ በዚህች ትንሽ ምዕላድ ላይ «በከባድ ሐዘንና በተሰበረ ልብ» የሚለውን ሁሉ ጭኖ መሄድ ይችላል። ስለዚህ «ሞተብን» ካሉ በኋላ ሐዘንዎን በቅጽል መግለጽ ያንኑ ነገር ሁለት ጊዜ መናገር ይሆናል፤ ማጋነን የሚመስለውም ይህ ድግግሞሽ ነው።

«ብኝ» ወይስ «ብን» የሚለውንም በትኩረት ይምረጡ። እንስሳው የቤተሰቡ ሁሉ ከሆነ «ብን» ይበሉ፤ በተለይ ልጆች ካሉ «ብኝ» ማለት ሐዘኑን ለብቻ እንደ መውሰድ ሊታይ ይችላል። ለብቻዎ የሚኖሩ ከሆነ «ብኝ» እውነቱ ነው።

የአሟሟቱን ምክንያት መጻፍ ግዴታ አይደለም። በእርጅና ከሆነ «አርጅቶ ነበር» የሚል ሁለት ቃል ይበቃል። ባጃጅ ገጭቶት ወይም ሰው መርዝ አብልቶት ከሆነ ግን ያንን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንዳያስገቡ እመክራለሁ፤ አንዴ ከገባ ሰዎች ስለ ባለ ባጃጁ ወይም ስለ ጎረቤቱ መነጋገር ይጀምራሉ፣ እንስሳውም ይረሳል። በእብድ ውሻ በሽታ የሚጠረጠር ሞት ከሆነ ደግሞ ከፎቶና ከጽሑፍ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፤ የተነከሰ ወይም ምራቁ የነካው ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በውኃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መሄድ ይኖርበታልና፣ ለጎረቤት የሚነገረውም በቃል ወይም በስልክ ነው።

ሦስተኛ፦ «ነበር»ን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቀሙ

ከመጀመሪያው ደረጃ ያገኙትን ልማድ «ይ… ነበር» በሚለው ግስ ይግለጹት፦ «ይጠብቀኝ ነበር»፣ «ትተኛ ነበር»፣ «ይታየኝ ነበር»። ይህ አገባብ ነገሩ በየቀኑ ይደረግ እንደነበርና አሁን እንደቆመ በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ ስለዚህ «ከእንግዲህ ግን አይጠብቀኝም» ብሎ ማከል አያስፈልግም።

ኃይሉ ግን በመደጋገም ይጠፋል። «ይጠብቀኝ ነበር፣ ይከተለኝ ነበር፣ ይጫወት ነበር» ብለው ሦስቱን ካሰለፉ ጽሑፉ ወደ ሙሾ ይጠጋል፤ አልቃሽ ስንኝ የምታወርድበት ምት ይኸው ነውና። ለሙሾ የሚገባው ቦታ አለው፤ ከፎቶ ሥር ግን ይከብዳል። እንስሳውን «አንተ» ወይም «አንቺ» ብሎ መጥራትም ከዚያው ከለቅሶ ቤት የመጣ ልማድ ነው። በለቅሶ ላይ ሟቹን ቀጥታ እንጠራዋለን፤ ስለዚህ «ቡቺዬ፣ ያለ አንተ» ብለን ስንጀምር የምንፈልገው ጸጥታ ወዲያው ይሄዳል። በሦስተኛ መደብ፣ «እሱ» ወይም «እሷ» ብለው ይጻፉ።

ፍቅርዎን ማሳየት ከፈለጉ «ዬ» የምትለውን ቅጥያ በስሙ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ማድረግ ይቻላል። ከስሙ በፊት «ውሻዬ» ብለው እንዳይጀምሩ ግን እመክራለሁ። በቋንቋችን ውስጥ «ውሻ» ስድብም ስለሆነ ቃሉ በመጀመሪያው ቦታ ላይ ሲቆም ትንሽ ይሻክራል። ስሙን ያስቀድሙ፤ ከስሙና ከፎቶው ውሻ መሆኑ ይታወቃል።

አራተኛ፦ የሚወጡትን ቃላት ያውጡ

አሁን ወደ መምህርቷ ጽሑፍ ልመለስ። አብረን ተቀምጠን እያንዳንዱን ሐረግ አይተነዋል።

«በከባድ ሐዘንና በተሰበረ ልብ የምነግራችሁ» የሚለው ወጣ፤ «ሞተብን» ተክቶታል። «የሕይወቴ ብርሃን» ወጣ፤ ባሏና ሁለት ልጆቿ ይህንን እንደሚያነቡት ስነግራት ሳቀች። «ልጄ» በሚለው ላይ ግን ትንሽ ተከራከርን። እሷ ከልቧ እንደ ልጅ እንዳሳደገችው ነገረችኝ፤ እኔም አልጠራጠርም። ሆኖም ይህ ጽሑፍ በቴሌግራም ላይ የሚወጣ ከሆነ ልጅ የቀበረች እናትም ልታነበው ትችላለች፤ ለእሷ ይህ ቃል ሌላ ትርጉም አለው። ወጣ።

«ነፍስህን በገነት ያኑርልኝ» የሚለው በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ነፍስ ይማር»ም ሆነ ይህን የመሰሉ ቃላት ለሰው ነፍስ የሚጸለይባቸው ናቸው። አንዳንዱ አንባቢ ለእንስሳ ሲባሉ እንደ ቀልድ ይቆጥራቸዋል፤ ሌላው ደግሞ በእምነቱ ላይ እንደ መቀለድ ያየዋል። ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛ የድመቱ ፎቶ ላይ በጥቁር ሪባን ሥዕል «ነፍስ ይማር» ብዬ አትሜለት ነበር። በሦስተኛው ቀን ፎቶውን መልሶ አመጣና ቤቱ የመጣ ሰው ሁሉ የሰው ፎቶ መስሎት ደንግጦ፣ ከዚያም ድመት መሆኑን ሲያይ እንደሚስቅ ነገረኝ። ስሕተቱን ሳልክስ አላስቀረሁትም፤ በነጻ እንደገና አተምኩለት።

«ዓለም ጨለመብኝ» እና «እንደ አንተ ያለ ፍጡር ዳግመኛ አይገኝም» ያለ ብዙ ክርክር ወጡ። «ለዘለዓለም በልቤ ትኖራለህ» ከወጣ በኋላ የቀረው ስሙ፣ ሞቱ፣ አብረው የኖሩበት ዘመንና በሩ ብቻ ሆነ። የተጻፈው ይህ ነው።

«ቡቺ ማክሰኞ ሌሊት ሞተብን። አሥራ አንድ ዓመት አብሮን ኖሯል። ከሥራ ስመለስ፣ ገና ሳላንኳኳ፣ አፍንጫው በቆርቆሮው በር ሥር ወጥቶ ይታየኝ ነበር።»

ሦስት ዐረፍተ ነገር፣ ከሃያ ቃል ያልበለጠ። የመጀመሪያው ዜናውን ይናገራል፣ ሁለተኛው ዘመኑን፣ ሦስተኛው ደግሞ ውሻውን ያሳያል። ቅደም ተከተሉን እንዳይገለብጡት። በሩን አስቀድመው ሞቱን መጨረሻ ላይ ካደረጉ አንባቢውን አዘናግቶ የማስደንገጥ ስልት ይሆናል፤ ሐዘንተኛ ሰው ደግሞ ስልት ሲጠቀም ያስታውቃል። የትውልድ ቀኑን ካላወቁ፣ አብዛኛውም ሰው አያውቀውም፣ ወደ ቤት የመጣበትን ይጻፉ፦ «በ2006 ክረምት በካርቶን ተይዞ መጣ» ከተገመተ ዕድሜ የተሻለ ነው።

አምስተኛ፦ ከፎቶውና ከቦታው ጋር ያስማሙት

ጽሑፉ ፎቶው ላይ የሚታየውን መድገም የለበትም። ቡቺ በር ሥር ተኝቶ የሚታይበት ፎቶ ቢኖር ኖሮ ሦስተኛውን ዐረፍተ ነገር እንድትቀይር እነግራት ነበር፤ ፎቶው ግን በሐይቁ ዳር ጥላ ሥር ቆሞ ወደ ጎን ሲመለከት ስለነበር በሩ በጽሑፉ ውስጥ ቀረ። ከታመመ በኋላ የተነሣውን ወይም ከሞተ በኋላ የተነሣውን ፎቶ አይጠቀሙ፤ ያለዎት ጥሩ ፎቶ ትንሽ ደብዝዞም ቢሆን ከእነዚያ ይሻላል።

ቴሌግራም ከፎቶ ሥር እስከ 1024 ፊደልና ምልክት ይቀበላል፤ ኢንስታግራም ደግሞ እስከ 2200። ይህ ሁሉ ቦታ መኖሩ ግን እንዲሞላ አያስገድድም። ኢንስታግራምና ፌስቡክ ረዘም ያለውን ጽሑፍ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች በኋላ ስለሚያጥፉት ስሙና ዜናው በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ መሆን አለባቸው፤ አለዚያ የሚያልፍ ሰው የፎቶውን ውበት አይቶ «ሲያምር!» ብሎ ይጽፍልዎታል፣ በኋላም ያፍራል። የሚያለቅስ ፊት፣ የተሰበረ ልብና ሻማ መደርደር የተቆረጡትን ቃላት በሥዕል መመለስ ነው። አንድ ምልክት ቢበቃ ይበቃል፤ ባይኖርም አይጎድልም።

ለሚሰቀል ፎቶ፣ ለምሳሌ 13 በ18 ሳንቲሜትር ለሆነው፣ ሦስቱም ዐረፍተ ነገሮች ይበዛሉ። ግድግዳ ላይ ያለ ፎቶ በየቀኑ ስለሚታይ የሞቱ ዜና እዚያ መቅረት አለበት። ስሙንና ዘመኑን ብቻ በአንድ መስመር ያሳትሙ፦ «ቡቺ፣ 2006–2017 ዓ.ም.»።

ስለ ሌሎች እንስሳት

ደረጃዎቹ አንድ ናቸው፤ የሚለወጠው የሚፈለገው ልማድ ነው። ለአንዲት ድመት የተጻፈው እንዲህ ነበር፦ «ውሮ ትናንት ሞተችብን። ከአሞራ ገደል ዓሣ ይዤ ስገባ ፌስታሉ ሳይፈታ ታውቀው ነበር።» የአብሮነቱ ዘመን አጭር ስለነበር የዓመት ቁጥሩ ተትቷል።

የሞተው የልጅ እንስሳ ከሆነ ልጁ ይናገር፣ እርስዎ እንደ ወረደ ይጻፉ። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ስለ ጥንቸሏ ያለችውን አባቷ ሳያርም አመጣልኝ፦ «ነጯ ሞተች። ጎመን ስሰጣት ከጫፉ ትጀምር ነበር።» አባትየው «ብን» ልጨምርበት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንዳይነካው ነገርኩት።

ስድስተኛ፦ አሳድረው ያንብቡት፣ ከዚያ ይለጥፉ

ጽሑፉን ከጻፉ በኋላ ቢያንስ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ጠዋት ድምፅ አውጥተው ለአንድ የቤተሰብ አባል ያንብቡለት። ድምፅዎ የሚሰናከልበት ቦታ ካለ ይተዉት፤ የሚያሳፍርዎት ወይም ሲያነቡ ቶሎ ለማለፍ የሚፈልጉት ቦታ ካለ ግን የተጋነነው እሱ ነውና ያውጡት። ከወጣ በኋላ በቀረው ላይ ምንም አይተኩ።

ከተለጠፈ በኋላ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ለሚል ሰው «አሜን፣ አመሰግናለሁ» ይበቃል። «ለውሻ ነው እንዴ እንዲህ?» የሚል አንድ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ለዚያ ሰው መልስ ባይሰጡ እመርጣለሁ፤ መመለስ ካለብዎ ግን «ብዙ ዓመት አብሮን ኖሯል» ብለው ያቁሙ፤ መከራከር ከጀመሩ በጽሑፉ ያስቀሯቸው ትልልቅ ቃላት ሁሉ በአስተያየት መስጫው ተመልሰው ይመጣሉ።

መምህርቷ ሦስቱን ዐረፍተ ነገሮች ለቴሌግራም ይዛ ሄደች፤ የሚሰቀለውን ፎቶ ደግሞ በማግሥቱ ወሰደች። በጀርባው ላይ የበሩን ነገር በእጇ ልትጽፍ እስክሪብቶ ስትጠይቀኝ እርሳስ ሰጠኋት። የእስክሪብቶ ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ለፊቱ ሊያልፍና ምስሉን ሊያበላሽ ይችላል፤ በለስላሳ እርሳስ ከዳር በኩል ሳይጫኑ መጻፍ ግን ፎቶውን አይጎዳውም።